ለ23 ካሬ ሳሎን ስንት ከረጢት ማጣበቂያ? መልሱ ያለው ጥርሱ ላይ ነው

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ውጭ የጅማ ዝናብ እንደ ልማዱ ይወርዳል። ሠላሳኛው ሴራሚክ ቦታውን ያዘ፣ ሦስተኛው ከረጢት ማጣበቂያም አለቀ። የቀረኝ አንድ ከረጢት ነበር። ያልተነጠፈው ሴራሚክ ደግሞ 34 ነው። ሒሳቡ የተበላሸው የት ላይ እንደሆነ አልገባኝም። ምክንያቱም ከመግዛቴ በፊት አስልቻለሁ፤ እንዲያውም 8 ኪሎ ይተርፈኛል ብዬ ነበር።

ሳሎኑ ኮቺ ያለው የእማዬ ቤት ሳሎን ነው። 5 ሜትር በ4.6 ሜትር፣ ማለትም 23 ካሬ። ሴራሚኩ 60 በ60 ሳንቲም ፖርስሊን፣ ውፍረቱ 9 ሚሊ ነው። ማጣበቂያውን እዚሁ ጅማ መርካቶ ስገዛ የከረጢቱን ጀርባ አነበብኩ። በትልቁ «4 ኪሎ በካሬ» ይላል። 23 ሲባዛ በ4፣ 92 ኪሎ። አንዱ ከረጢት 25 ኪሎ ስለሆነ አራት ከረጢት፣ 100 ኪሎ ገዛሁ።

ያላነበብኩት ከሥሩ የተጻፈውን ትንሹን መስመር ነው። «በ6 ሚሊ ጥርስ» ይላል።

እዚህ ላይ መሣሪያውን ላላያችሁት ልግለጽ። ሴራሚክ አንጣፊዎች ማጣበቂያውን የሚዘረጉበት ስስ ብረት አለ። አንዱ ጠርዙ ለስላሳ ነው፤ ሌላው ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ አለው። በለስላሳው በኩል ማጣበቂያውን ወለሉ ላይ ጫን ብለው ይቀቡታል፤ ከዚያ በጥርሱ በኩል ያበጥሩታል። ጥርሱ ያለፈበት ቦታ ይጠረጋል፤ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ የማጣበቂያ መስመር ያስቀራል። እንደ ታረሰ ማሳ ማለት ነው። ሴራሚኩ ሲጫንበት መስመሮቹ ይደፈጠጡና አንድ ወጥ ንጣፍ ይሆናሉ።

እንግዲህ የማጣበቂያውን መጠን የሚወስነው የክፍሉ ስፋት ብቻ አይደለም። የዚያ ጥርስ ጥልቀት ነው። የእኛ ሠራተኛ የያዘው 10 ሚሊ ጥርስ ነበር፣ ትክክልም ነበር። ለ60 በ60 ሴራሚክ የሚያስፈልገው እሱ ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ የከረጢቱን ቁጥር ለሌላ ጥርስ የተጻፈ መሆኑን ሳላይ ወሰድኩ።

ስህተቱ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ሱቁ ጋ ደወልኩ። የዚያ ዓይነት ማጣበቂያ አልቋል፤ ከአዲስ አበባ ጭነት እስኪመጣ ሦስት አራት ቀን ጠብቂ አሉኝ። እኔ ደግሞ ለቅዳሜ እንግዳ ጠርቻለሁ። ሠራተኛውን፣ «ወንድሜ፣ የቀረውን እንደምንም አብቃቃልኝ» አልኩት። ትንሽ አመነታ። «እህቴ፣ ካልሽ እሞክራለሁ፣ ግን ይሳሳል» አለኝ። ከዕቃ መያዣው ውስጥ 6 ሚሊ ጥርስ ያለውን ብረት አወጣ። የሴራሚኩን ጀርባ በማጣበቂያ መቀባቱንም ተወ። በዚያች አንድ ከረጢት 20 ሴራሚክ አነጠፈ። 14 ቀረ።

በማግስቱ አንድ የቆዩ ሴራሚክ አንጣፊ የሆኑ የሰፈራችን ሰው እማዬን ሊጠይቁ መጡ። እማዬ ቡና እያፈላች ሳለ ወለሉን ዓይን ዓይኑን ያዩታል። ብድግ ብለው በማጣበቂያው ብረት እጀታ ሴራሚኮቹን ቀስ እያደረጉ ይመቱ ጀመር። የመጀመሪያዎቹ ሠላሳዎች የሚሰጡት ድምፅ ድፍን ነው፤ ድንጋይ እንደመምታት። ከዚያ ድምፁ ተቀየረ። ክዳኑ የተከደነ ባዶ ጣሳ እንደመምታት ሆነ። ከሠላሳ አንደኛው እስከ ሃምሳኛው ድረስ እንደዚያው ነው፤ በተለይ መሐል መሐሉ።

«ልጄ፣ አንዱን እናንሳው» አሉኝ። የመጨረሻውን መረጡ፤ ገና በደንብ አልደረቀም። በቀጭን ብረት ከጠርዙ ፈልቅቀው ገለበጡት። ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ወለሉ ላይ የማጣበቂያው መስመሮች እንደተበጠሩ ተቀምጠዋል። አልተደፈጠጡም። የሴራሚኩ ጀርባ ላይ ቀጫጭን ነጭ መስመሮች ብቻ አሉ፤ በመካከላቸው ያለው ጀርባ ከፋብሪካ እንደወጣ ንጹሕ ነው። መሐሉ ላይ ደግሞ እጅ መዳፍ የሚያክል ቦታ ጭራሽ አልነካም። «ይኸው፣ ሴራሚኩ የተቀመጠው በአየር ላይ ነው» አሉኝ።

ለምን እንደዚያ እንደሆነ ከእሳቸው ጋር ቁጭ ብለን አሰላነው። ነገሩ ቀላል ነው።

ጥርሱና ክፍተቱ እኩል ስፋት ካላቸው ማጣበቂያው የሚይዘው ግማሹን ቦታ ነው። ስለዚህ ሲደፈጠጥ ቁመቱም በግማሽ ይወርዳል። 10 ሚሊ ጥርስ ቢበዛ 5 ሚሊ ንጣፍ ይሰጣል፤ 6 ሚሊው 3 ሚሊ። ይህም ብረቱ ቀጥ ብሎ ከተያዘ ነው። በተግባር ማንም ቀጥ አድርጎ አይዝም፤ ዘንበል ይላል። በ60 ዲግሪ አካባቢ ሲያዝ የመስመሩ ቁመት ወደ 85 በመቶ ይወርዳል። የደከመው ሠራተኛ ከሰዓት በኋላ ወደ 45 ዲግሪ ሲያጋድለው ደግሞ 70 በመቶ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ 6 ሚሊው ጥርስ በትክክል የሰጠን ንጣፍ ከ2.5 ሚሊ ብዙም አይበልጥም።

አሁን ወለሉን እዩት። ሊሾው ላይ ሁለት ሜትር አሉሚኒየም ስናስቀምጥ አንዳንድ ቦታ ከሥሩ 3 ሚሊ ክፍተት ነበረ። ትልቅ ሴራሚክ ራሱ ደግሞ ፍጹም ዝርግ አይደለም፤ ሁለት ሴራሚክ ፊት ለፊት ገጥማችሁ ብትይዟቸው መሐሉ ላይ ስስ ብርሃን ልታዩ ትችላላችሁ። የወለሉ ጉድጓድና የሴራሚኩ ጉብታ አንድ ላይ ሲገናኙ 2.5 ሚሊ ንጣፍ አይደርስም። ትንሽ ሴራሚክ ቢሆን ኖሮ የወለሉን ቅርጽ ተከትሎ ይተኛ ነበር። 60 ሳንቲም ግን ድልድይ ይሆናል። ለትልቅ ሴራሚክ ትልቅ ጥርስ የሚፈለገው ለዚህ ነው።

እሳቸው የሚጠቀሙበት ልኬት ይህ ነው። እስከ 20 ሳንቲም ላለው 6 ሚሊ። ለ30 እና ለ40 ሳንቲም 8 ሚሊ። ለ60 ሳንቲም 10 ሚሊ፣ ጀርባውንም በለስላሳው በኩል ስስ አድርጎ መቀባት። ከዚያ ለሚበልጠው 12 ሚሊ፣ የጀርባው ቅብ ግዴታ ነው። ይህ ግን መነሻ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ፍርዱን የሚሰጠው አንድ ሴራሚክ አንስቶ ጀርባውን ማየት ነው። ደረቅ ክፍል ውስጥ ቢያንስ 80 በመቶው ጀርባ መሸፈን አለበት። መታጠቢያ ቤትና በረንዳ ላይ ከ95 በመቶ በታች አይበቃም፤ ውሃ ባዶ ቦታ ካገኘ ይተኛበታል። ጅማ ውስጥ ደግሞ በረንዳ ስንት ወር እንደሚረጥብ እናውቃለን።

መጠኑን ማስላት ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። አንድ ሚሊ ውፍረት በአንድ ካሬ ላይ አንድ ሊትር ነው። አንድ ሊትር የተቦካ ማጣበቂያ ወደ 1.3 ኪሎ ደረቅ ዱቄት ይወስዳል። ይህ ቁጥር ከምርት ምርት ከ1.2 እስከ 1.5 ይለያያል፤ ብዙ ከረጢት ላይ «በ1 ሚሊ ውፍረት ይህን ያህል ኪሎ» ተብሎ ይጻፋል፤ የእናንተን እዩ። እንግዲህ፦

```
ኪሎ በካሬ = የጥርስ ጥልቀት (ሚሊ) ÷ 2 × 0.85 × 1.3
```

ለ10 ሚሊ ጥርስ 5.5 ኪሎ ይመጣል። ለ8 ሚሊው 4.4፣ ለ6 ሚሊው 3.3። ጀርባ የሚቀባ ከሆነ በካሬ ወደ 1 ኪሎ ይጨመራል። ባልዲው ላይና ብረቱ ላይ ተጣብቆ የሚቀረውም አለ።

ይህን ሒሳብ ከራሴ ወለል ጋር አመሳከርኩት። በትክክል የተነጠፉት ሠላሳዎቹ ሴራሚኮች ናቸው። አንዱ 0.36 ካሬ ነው፣ ሠላሳው 10.8 ካሬ። የበሉት ሦስት ከረጢት፣ 75 ኪሎ። 75 ሲካፈል በ10.8፣ 6.9 ኪሎ በካሬ። ከቀመሩ 5.5፣ ለጀርባ ቅብ 1፣ የቀረው 0.4 በየባልዲው የቀረና የፈሰሰ ነው። ሒሳቡ እንዲህ ሲገጥም ልቤ አረፈ፣ ግን ዘግይቶ ነው።

ለ23 ካሬ በ6.9 ብናባዛ 159 ኪሎ፤ ሰባት ከረጢት ማለት ነው። እኔ የገዛሁት አራት ነበር።

ስለዚህ የማደርገው አንድ ብቻ ሆነ። ሃያዎቹን አስነሳኋቸው። ገና አንድ ቀናቸው ስለሆነ አብዛኞቹ ተነሡ፤ ሦስቱ ተሰበሩ። ጀርባቸውን መፋቅና ወለሉን መፋቅ አንድ ሙሉ ቀን ወሰደ። ከቅዳሜ እንግዶቼ ይቅርታ ጠይቄ ጭነቱን ጠበቅኩ። ለቀሩት 34 ሴራሚኮች፣ 12.2 ካሬ ያህል ናቸውና፣ 84 ኪሎ ያስፈልጋል፤ አራት ከረጢት ገዛሁ። የተረፈው 16 ኪሎ ገደማ በግድግዳው ሥር ዙሪያውን ለሚለጠፈው ዞኮሎ ሆነ። ዞኮሎን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የእኛ ከበሩ ውጭ 18 ሜትር ነው፣ ቁመቱ 8 ሳንቲም፤ ይህ ብቻውን 1.5 ካሬ ያህል ነው። ቢረሳ በመጨረሻው ቀን ያስሮጣል።

ስለ ወለሉ ጉድጓድ አንድ ነገር ልጨምር፤ ገንዘብ የሚበላው እሱ ነውና። በመጀመሪያው ሥራ 3 ሚሊ ጉድጓዱን በማጣበቂያ እንሞላዋለን ብለን ነበር። በአማካይ 1.5 ሚሊ ብቻ ቢጨመር እንኳ በካሬ 2 ኪሎ ነው። ለ23 ካሬ ሁለት ከረጢት ገደማ። ሁለተኛውን ዙር ከመጀመራችን በፊት አዛውንቱ፣ «ጉድጓዱን በሲሚንቶ አስሞዪው፣ ማጣበቂያ ዋጋው ውድ ነው፤ ወፍራም ሲሆን ደግሞ ሲደርቅ ይኮማተራል» አሉኝ። ከመነጠፉ ሁለት ቀን በፊት ጎድጓዳዎቹን አስደለደልን። የመጨረሻዎቹ አራት ከረጢቶች በሒሳቡ መሠረት የበቁት በዚያ ምክንያት ነው። ሊሾአችሁ ወጣ ገባ ከሆነ ቀመሩ አይሠራላችሁም፤ መጀመሪያ ሊሾው ይስተካከል።

ሌላው የገረመኝ የጥርሱ እርጅና ነው። ሠራተኛው ለሁለተኛው ዙር ይዞት የመጣው ሌላ ብረት ሲገዛ 10 ሚሊ ነበር። በማስመሪያ ስንለካው 8 ሚሊ ሆኗል። ሻካራ ሊሾ ላይ ሲጎተት ጥርሱ ይበላል። 8 ሚሊ ማለት በካሬ 4.4 ኪሎ ብቻ ይቀባል፤ ሴራሚኩ የሚፈልገው ግን አልቀነሰም። ማጣበቂያ የተረፈ ይመስላል፣ የሚጎድለው ግን ከሥር ነው። ለሁለተኛው ዙር አዲስ ብረት ገዛሁለት። ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንድ ጊዜ ማስመሪያ ማስጠጋት ነው፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ከረጢት ሲከፈት ግድግዳው ላይ በእርሳስ ጭረት ማድረግ ጀመርኩ። በ6.9 ኪሎ ሒሳብ አንድ ከረጢት አሥር ሴራሚክ ይይዛል። አንድ ከረጢት አሥራ ሦስት ካነጠፈ ሥሩ ሳስቷል፤ አንድ አንስቼ አየዋለሁ። ሰባት ላይ ካለቀ ወለሉ ጎድጉዷል ወይም ይባክናል። ስንት ሴራሚክ በአንድ ከረጢት እንደሚሄድ መቁጠር ማንም ሊያደርገው የሚችል ቁጥጥር ነው፤ ባለሙያ መሆን አይጠይቅም።

አሁን በሴራሚኮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ወደሚሞላው ግራውት ልለፍ፤ እዚያም ተሳስቻለሁ።

ሱቁ ውስጥ ለሳሎኑ ስንት ኪሎ ግራውት እንደሚበቃ ስጠይቅ፣ «ለሁለት ካሬ አንድ ኪሎ ያዢ» ተባልኩ። ያ ቢሆን ከ11 ኪሎ በላይ ነው። የሚገርመው ነገር እዚህ ሒሳቡ የሚሄደው ተገላቢጦሽ ነው። ማጣበቂያ ሴራሚኩ ሲተልቅ ይጨምራል፤ ግራውት ሴራሚኩ ሲተልቅ ይቀንሳል። ግራውት የሚገባው ክፍተቱ ውስጥ ብቻ ነው፤ ሴራሚኩ ትልቅ ከሆነ ደግሞ ክፍተቱ ያንሳል።

በዓይነ ሕሊናችሁ አንድ ካሬ ወለል አስቡ። ሴራሚኩ 60 በ60 ሲሆን በዚያ ካሬ ውስጥ ያለው የክፍተት ርዝመት ሁሉ ቢቀጣጠል 3.3 ሜትር ነው። 30 በ30 ሲሆን 6.7 ሜትር። ልክ እጥፍ። ይህንን ርዝመት በክፍተቱ ስፋትና በሴራሚኩ ውፍረት አባዙት፤ ግራውቱ የሚሞላው ጉድጓድ ያ ነው። አንድ ሊትር ግራውት 1.6 ኪሎ ያህል ዱቄት ይወስዳል። በቀመር ሲጻፍ፦

```
ኪሎ በካሬ = (A + B) ÷ (A × B) × C × D × 1.6
```

A እና B የሴራሚኩ ርዝመትና ስፋት፣ C ውፍረቱ፣ D የክፍተቱ ስፋት ነው። ሁሉም በሚሊሜትር ይገባል። በሳንቲም ካስገባችሁ ሒሳቡ ይበላሻል።

ለሳሎናችን፣ ክፍተቱ 3 ሚሊ ስለሆነ፦

```
(600 + 600) ÷ (600 × 600) × 9 × 3 × 1.6 = 0.144
```

0.144 በ23 ሲባዛ 3.3 ኪሎ። ለሚባክነው አሥር በመቶ ብንጨምር 3.6። አንድ ባለ 5 ኪሎ ገዛሁ፣ በቃኝ፣ ተረፈም። ክፍተቱን 5 ሚሊ ብናደርገው ኖሮ 5.5 ኪሎ ይሆን ነበር፤ ግራውት ከክፍተቱ ስፋት ጋር እኩል ነው የሚያድገው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ክፍተቱን የሚጠብቀውን የፕላስቲክ መስቀል ልክ ከሠራተኛው ጋር ተስማሙ። ሴራሚኮቹ በልክ ትንሽ የሚለያዩ ከሆነ ሠራተኛው ክፍተቱን ማስፋት ይፈልጋል፤ ትክክልም ነው፤ ግን ግራውቱን ከገዛችሁ በኋላ ሳይሆን በፊት ይወሰን።

የእኔ ስህተት የመጣው መታጠቢያ ቤቱ ላይ ነው። ወለሉ 4 ካሬ ነው። 3 ካሬው 30 በ30 ሴራሚክ፣ ውፍረቱ 8 ሚሊ። ሻወሩ ሥር ያለው 1 ካሬ ሞዛይክ ነው። ሞዛይኩ የሚሸጠው በመረብ ላይ ተጣብቆ ነው፤ መረቡ 30 በ30 ሳንቲም ይሆናል። እኔም ሁሉም 30 በ30 ነው ብዬ አንድ ላይ አሰላሁት። በካሬ 0.256 ወጣ፣ በ4 ሲባዛ 1 ኪሎ። አንድ ኪሎ ግራጫ ግራውት ገዛሁ፤ በዓይኔ እያየሁት ትንሽ ስለመሰለኝ እንኳ ሒሳቤን አመንኩ።

ሴራሚኩ ላይ ያለው 3 ካሬ 0.77 ኪሎ በላ። ሞዛይኩ ገና ሩቡን ሳይጨርስ ግራውቱ አለቀ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቀመሩ የሚፈልገው የመረቡን ልክ አይደለም፤ የእያንዳንዷን ትንሽ ቁራጭ ልክ ነው። ቁራጮቹ 25 በ25 ሚሊ ናቸው፣ ውፍረታቸው 4፣ ክፍተታቸው 2 ሚሊ።

```
(25 + 25) ÷ (25 × 25) × 4 × 2 × 1.6 = 1.024
```

አንድ ካሬ ሞዛይክ ብቻውን አንድ ኪሎ ይፈልጋል። ከሳሎኑ ሴራሚክ ሰባት እጥፍ ነው፣ ክፍተቱ ጠባብ ሆኖ እንኳ። በአንድ ካሬ ውስጥ 80 ሜትር ክፍተት አለና።

የቀረውን በማግስቱ ገዛሁ። ቀለሙ በስም ያው ግራጫ ነው፤ የከረጢቱ የምርት ቁጥር ግን የተለየ ነበር። እርጥብ እያለ ልዩነት አልታየኝም። በሁለተኛው ቀን ሲደርቅ ግን ሻወሩ ውስጥ አንድ መስመር ወጣ፤ በአንዱ በኩል ፈዘዝ ያለ፣ በሌላው በኩል ጠቆር ያለ። አሁንም አለ። ገብቶ መብራቱን ላበራ ሰው ወዲያው ይታየዋል። አንድ ክፍል የሚሞላ ግራውት በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ የምርት ቁጥር መገዛት አለበት። ሴራሚኩ የተለያየ ልክ ካለው ለየብቻ ይሰላ፣ ከዚያ ይደመር። የእኔ ትክክለኛ ድምር 0.77 እና 1.02፣ ማለትም 1.8 ኪሎ፤ ከሚባክነው ጋር ባለ 2 ኪሎ እሽግ ነበር የምገዛው።

አንድ ነገር ግን ግራውቱን በሐሰት የሚያሳንሰው አለ። ሴራሚኩ ሲጫን ማጣበቂያው በክፍተቱ በኩል ወደ ላይ ይወጣል። ካልተፋቀ እዚያው ይደርቃል፤ ግራውቱ የሚገባበት 9 ሚሊ ጥልቀት 3 ሚሊ ይቀራል። ግራውት ሲተርፋችሁ ደስ አይበላችሁ፤ ክፍተቱ በማጣበቂያ ተሞልቶ ሊሆን ይችላል። ስስ ግራውት ይሰነጠቃል፣ ተፈርፍሮም ይወጣል። የእኛን ሠራተኛ፣ በየአምስቱ ሴራሚክ ክፍተቱን በቀጭን እንጨት እንዲጠርግ ለመንኩት። በዕለቱ ለስላሳ ነው፣ በአንድ ጭረት ይወጣል። በማግስቱ ግን በመዶሻና በመሮ ካልሆነ አይነቀልም።

በክረምት ሥራ ለምትጀምሩ ደግሞ፦ «ይብዛልኝ» ብላችሁ ሦስት አራት ከረጢት አትርፋችሁ አትግዙ። ባለፈው ዓመት ጎረቤታችን ለበረንዳው የተረፈውን ሁለት ከረጢት ማጣበቂያ በሲሚንቶ ወለል ላይ አስቀምጦት ነበር። ነሐሴ ሲያልቅ ሲከፍተው ጠርዙ ጠጥሯል፣ ውስጡ ጓጉሏል። የጓጎለ ዱቄት በውሃ ቢቦካም አይይዝም። ያልተከፈተ ከረጢት በእንጨት ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። የተከፈተው ደግሞ በዚያው ሳምንት ይለቅ።

ከሳሎኑ የተረፈውን አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ግራውት ክዳኑ በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ክዳኑ ላይ የቀለሙን ስም፣ የምርት ቁጥሩንና የክፍተቱን ልክ፣ 3 ሚሊ፣ በእስክሪብቶ ጽፌበታለሁ። ከሥሩ ደግሞ የማጣበቂያውን፦ 10 ሚሊ ጥርስ፣ ጀርባ ተቀብቶ፣ 6.9 ኪሎ በካሬ። የእማዬ መኝታ ቤት 14 ካሬ ነው፣ በዚያው ሴራሚክ የሚነጠፍ። 97 ኪሎ፣ አራት ከረጢት። አራቱን አንድ ላይ ልገዛቸው ነው፤ ከመጀመራችን በፊት ግን ማስመሪያዬን ይዤ ጥርሱን እለካለሁ።